መልሳ ጠየቀችሽ ወይ?

*ይድረስ ለእትዬ። የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር ነው። ልብስ ስለምነግድ መርካቶ እመላለሳለሁ። ወሬ እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ባለፈው ስሄድ ዕድሜዋ ከኔ ከፍ የሚል ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ከመናኸሪያ ጀምሬ አወራኋት። ትመልስልኝ ነበር፤ ፈገግም ትላለች። ሸዋሮቢት ቁርስ በልተን ስንመለስ ግን ረዳቱን ለምና ኋላ ወንበር ሄደች። በጣም ከፋኝ። ካልፈለገች ለምን አትነግረኝም? ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጦ ዝም መባባል ለኔ ኩርፊያ ነው። ሰው ማውራት መፈለጉ በምን ይታወቃል?*
*ወሬ ወዳዷ፣ ከደሴ*

አብሽሪ እህቴ። ሴትዮዋ ኋላ የሄደችበትን ምክንያት የምታውቀው እሷ ናት። ጋደም ማለት አምሯትም ይሆናል። እሱን ተይው። እኔን የያዘኝ «ለምን አትነግረኝም?» ያልሽው ነው።

እስቲ በምን አፏ ትንገርሽ? «እህቴ፣ ትንሽ ዝም በይልኝ» የሚል ሰው እኛ አገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ያውም ወሎ ውስጥ! ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ራሷን እያመማት ትመልስልሻለች። እንቅልፍ እያዳፋት «እህ» ትልሻለች። ፈገግታውም ከዚያው ነው። አንቺ ሁለት ምልክት ይዘሻል፤ መለሰችልኝ፣ ፈገግ አለችልኝ። ሁለቱንም ግን በወጉ ያደገ ሰው ሁሉ ለማንም ይሰጣል። ስለዚህ በነሱ መለካት አይቻልም።

የሚለካው መልሳ መጠየቋ ነው።

እንዲህ አድርገሽ እይው። «ወዴት ነሽ?» ትያታለሽ። «አዲስ አበባ።» «ለሥራ ነው?» «አይ፣ ዘመድ ጋ ነው።» «የት አካባቢ?» «ኮልፌ።» ሦስት ጊዜ ጠየቅሽ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰልሽ። ወሬ የሞቀ ይመስላል። ግን ሴትዮዋ ስላንቺ ምን አወቀች? ምንም። እንድታውቅም አልፈለገችም። ይሄ ቀበሌ ሄዶ ፎርም እንደመሙላት ነው፤ የተጠየቀችውን ሞልታ መለሰችልሽ።

አሁን ደግሞ ሌላውን እይ። «ወዴት ነሽ?» «አዲስ አበባ፣ እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ነው። አንቺስ?» እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ያልጠየቅሻትን ጨመረችልሽ፤ እህቷ መውለዷን ማንም አላስገደዳትም። ሁለተኛው «አንቺስ?» አለችሽ። ከሁለቱ አንዱ ከመጣ ቀጥይ። ሁለት ጥያቄ ጠይቀሽ አንዱም ካልመጣ ሦስተኛውን አትጠይቂ። ለጊዜው ነው እንጂ ለዘለዓለም አይደለም፤ መንገዱ ረጅም ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከአንቺ ያነሰች ልጅ አጠገብሽ ከተቀመጠች መልሳ ላትጠይቅሽ ትችላለች። ታላቅን መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። ከገጠር የመጣች ዓይን አፋርም እንደዚያው ናት። እነዚህ ላይ የመልሱን ርዝመት እይ፤ ከአንድ ቃል ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር እያደገ ከሄደ ደስ ብሏታል ማለት ነው። እያጠረ ከሄደ ተያት። ከወንዶችም ከሴት ጋር ሲቀመጥ የሚጨነቅ አለ። እሱን ደግሞ ባታስጨንቂው ይሻላል።

ይሄ የኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2021 እ.ኤ.አ. አዳም ማስትሮያኒ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት አለ። ሰዎች ወሬያቸው እነሱ በፈለጉት ጊዜ አልቆ እንደሆነ ተጠየቁ። ሁለቱም ወገን በፈለጉበት ጊዜ ያለቀው ወሬ ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ደግሞ ሌላው እንዳይከፋው ብሎ እያንዳንዱ ፍላጎቱን መደበቁ ነው። ይሉኝታ እዚያም አለ፤ ስሙ ብቻ ነው የሌላቸው።

ግን ተስፋ እንዳትቆርጪ ሌላም ልንገርሽ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ኤፕሊ እና ጁሊያና ሽሮደር ቺካጎ ውስጥ በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን አጠኑ። አንዳንዶቹን አጠገባቸው ካለ የማያውቁት ሰው ጋር እንዲያወሩ፣ ሌሎቹን ዝም ብለው እንዲሄዱ ነገሯቸው። ሰዎች ሲገምቱ ዝምታው ይሻላል ብለው ነበር። ያወሩት ግን መንገዱ የበለጠ ጥሩ እንደነበር ተናገሩ። ስለዚህ ማውራት መፈለግሽ ጥፋት አይደለም። ብቻ ያ ወደ ሥራ የሚኬድበት አጭር መንገድ ነው። የኛ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰዉም ከመስኮቱ ጥግ መውጫ የለውም።

እንግዲህ መንገዱን አብረን እንሂደው። አንቺም በየከተማው ታውቂዋለሽ።

መናኸሪያ ስትደርሺ ሰላምታ ግዴታ ነው። «ሰላም አደርሽ?» በይ፣ ሻንጣዋን ስትሰቅል አግዣት፣ ወንበርሽን ያዢ። ከዚያ ዝም። ከሰላምታ በኋላ የሚመጣ ዝምታ ኩርፊያ አይደለም። ሰላም ተባብላችኋል፣ የሚጠበቅብሽን ከፍለሻል። በሌሊት ተነስታ የመጣች ሴት ናት። ምናልባት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ዓይኗን አልከደነችም። ምናልባት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው። መስበሃ ወይም መቁጠሪያ ከያዘች ደግሞ ጣቶቿ እስኪቆሙ ድረስ አትናገሪ።

ሐረጎን ስትወርዱም ዝም በይ። ያ ጠመዝማዛ ስንቱን እንደሚያስመልስ አንቺም ታውቂያለሽ። ማቅለሽለሽ የሚመጣው ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን አካል የሚሰማው እንቅስቃሴና ዓይናችን የሚያየው ነገር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ሩቅ ማየት ያስታግሳል። አንገት ማዞር ያብሳል። አንቺ ስታወሪያት ደግሞ የምታደርገው ይሄንኑ ነው፤ በወጉ ፊቷን ወደ አንቺ ታዞራለች። የሚያቅለሸልሻትን ሴት ትለያታለሽ። ሎሚ ይዛለች፣ ወይም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋለች፣ ደጋግማ ምራቋን ትውጣለች፣ መልሷ በአንዴ አንድ ቃል ይሆናል። እንደዚያ ካየሽ ፌስታል ብቻ ስጫት። ከዚያ በላይ ውለታ የለም።

ኮምቦልቻን አልፋችሁ ሐርቡ ስትደርሱ ፀሐይ ይወጣል፣ መንገዱም ይስተካከላል። ሰው ይነቃል። የመጀመሪያው ወሬ እዚህ ቢጀመር ጥሩ ነው። ግን ስለ እሷ አትጠይቂ። ሁለታችሁም ስለምታዩት ወይም ሁለታችሁንም ስለሚነካ ነገር ተናገሪ። «ፀሐዩ እያቃጠለሽ ነው፣ መጋረጃውን ልሳበው?» በቂ ነው። «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ብታቆም ማንም አላፈረም፤ ወሬው ሥራውን ሠርቶ አለቀ። «አዎ፤ ይሄ ቆላ እንዴት ይሞቃል! ደሴን ለቀን መምጣታችን አሁን ታወቀኝ» ካለችሽ ግን በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ጨፋ ላይ ከብቶቹ ተሰማርተው ከታዩ ስለነሱ አውሩ፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ አውሩ። (መስኮት ስለመክፈት ግን ወሬ አታንሺ። ግማሹ አውቶቡስ «ታፈንን» ይላል፣ ግማሹ «ንፋስ ይመታናል» ይላል። ያንን ጠብ የጀመረ ሰው እስከ አዲስ አበባ በክፉ ዓይን ይታያል።)

ከሚሴን አልፋችሁ ወደ ካራቆሬና አጣዬ ስትጠጉ አንድ ምክር አለኝ፤ ይሄን ከሌላው ሁሉ አስቀድሚው። «አገርሽ የት ነው?» «በ2013 የት ነበራችሁ?» «ቤታችሁ ተርፏል?» አትበያት። አጣዬ በ2013 ምን እንደደረሰባት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ በ2014 መጀመሪያ ምን እንዳሳለፉ ላንቺ አልነግርሽም። አጠገብሽ ያለችው ሴት ማንን እንዳጣች አታውቂም። በመስኮት እያየች ዝም ካለች የምታየው አንቺ የማታዪውን ይሆናል። «አገርሽ የት ነው?» የሚለው ደግሞ ድሮ ዘመድ መፈለጊያ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ሲጠየቅ ልቡ የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ እየተመረመረ ይመስለዋል። እሷ ራሷ ካነሳችው አዳምጪ። «አይዞሽ» በይ። የራስሽን ታሪክ ከላይ አትደራርቢ፣ ዝርዝርም አትጠይቂ።

ሌሎችም አሉ። ባል አለሽ ወይ፣ ልጅ ስንት ነው፣ ለሕክምና ነው ወይ፣ ስንት ይከፍሉሻል። ከደሴ አዲስ አበባ ከሚሄደው ሰው ለሕክምና የሚሄደው ጥቂት አይደለም። ትልቅ ቢጫ ፖስታ ወይም የራጅ ፊልም ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት «ለምን ጉዳይ ነው?» መባል አያስፈልጋትም።

ሸዋሮቢት ወይም ደብረ ሲና፣ ሹፌሩ እንደፈቀደ፣ ለቁርስ ትቆማላችሁ። አንቺ የማትጠቀሚበት ትልቁ ዕድል ይሄ ነው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው መሄጃ የለውም፤ የምታወሪው ታስሮ ነው። መሬት ላይ ግን እግር አለው። ማውራት ካማረሽ ቆማችሁ እጃችሁን ስትታጠቡ፣ ሻይ ስትጠጡ አውሪ። የፈለገች ትቆማለች፤ ያልፈለገች «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ትሄዳለች፣ ማንም አይከፋውም። ቆማ ካወራችሽ ደግሞ የተገኘው እውነተኛ ነው። አብራሽ እንድትበላ መጋበዝም ጥሩ ነው፤ ብቻ ጾም መሆኑን አስቢ። ረመዳን ከሆነ ወይም ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ግብዣሽ ያሳቅቃታል።

ምግብ ላይ «በሞቴ» ማለት ይቻላል። እንዲያውም አንዴ ካላስገደድሽ ያልጋበዝሽ ነው የሚመስለው። ወሬ ላይ ግን «በሞቴ» የለም። «ምነው ዝም አልሽ?» «ተኮራረፍን እንዴ?» «አንቺ ደግሞ ጨዋታ አትወጂም?» ስትያት ያ ማስገደድ ነው። እሷም ይሉኝታ ይዟት ትንሽ ታወራሻለች፤ አንቺም «ይኸው ተጫወተች» ትያለሽ። ቀጥሎ ወንበር ትቀይራለች።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዢ። ለራስሽ የሚበቃሽን ሳይሆን ከፍ አድርገሽ ግዢ። ቆሎ የጾመኛም ነው፣ የሙስሊምም የክርስቲያንም ነው። ከምግብ ሁሉ የምትታቀብበት ሰዓት ካልሆነ በእፍኝ ዘግነሽ አቅርቢላት። መዳፏን ዘርግታ ትቀበልሻለች። አፍ ሲቆረጥም ወሬ አይጠበቅበትም። ሁለት ሰዎች ቆሎ እየቆረጠሙ አንድ ሰዓት ዝም ቢሉ ማንም ተኮራረፉ አይልም። ላንቺ ዓይነቷ ዝምታ ለሚከብዳት ሴት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ከሸዋሮቢት እስከ ጣርማበር ያለው ዳገት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ጆሮ ይደፈናል። ጆሮው የተደፈነ ሰው በደንብ ስለማይሰማ «ምን አልሽ?» ሲል ይውላል። ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት፣ ወይም ያንን ቆሎ ማኘክ ይከፍተዋል። ጉም ከያዘው፣ ጣልያን የሠራው ዋሻ ጋ ስትደርሱ፣ ብዙ ሰው በልቡ ይጸልያል። ዋሻውን እስክታልፉ የሚጠበቅብሽ ብርድ ልብሱን ማካፈል ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወሬው ቢሞቅስ? ይሄኛው ነው አንቺን የሚከብድሽ። ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ ጀመራችሁ እንበል። መርካቶ፣ የልብስ ዋጋ፣ የእህቷ ወሊድ። ሃያ ደቂቃ ሄደ። እዚህ ላይ ራስሽ አቁሚው። ገና ሲጥም። «በይ እስቲ ትንሽ ዓይኔን ልክደን» በይና በእርግጥም ክደኚ። ውሸት ከሆነብሽ «ትንሽ ሒሳቤን ልሥራ» ብለሽ ደብተርሽን አውጪ። ስለ ጥናቱ የነገርኩሽን አስታውሺ፤ ማቆም የፈለገ ሰው አይናገርም። ስለዚህ ማቆሚያውን አንቺ ስጪያት። እሷ ልታርፍ ፈልጋ ከነበረ አረፈች፤ ውለታሽን በልቧ ትይዘዋለች። ማውራት ፈልጋ ከነበረ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ «ተነሳሽ? ውይ ብርዱ!» ብላ ራሷ ትጀምራለች። አንቺ ያላነሳሽው ወሬ ሲነሳ ነው ጣዕሙ የሚታወቅሽ።

ኤርፎን ያደረገች ሴት ላይ ሰው ይሳሳታል። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስልኳን የምታይ ከሆነች ነግራሻለች፤ ከዚህ በላይ በጨዋነት የሚነገር የለም። አንዱን ጆሮ ብቻ ከሰካችና አንቺ በኩል ያለውን ከተወችው ግን ክፍት ናት። ለአስፈላጊ ነገር፣ ረዳቱ ሲጠራት ወይም ስትወርዱ፣ ክንዷን ነካ አድርጊ። «ምን እየሰማሽ ነው?» ለማለት ግን አይነካም።

«ዝም መባባል ኩርፊያ ነው» ስላልሽው አንድ ልጨምር። ዝም ብለሽ የምታደርጊላት ብዙ ነገር አለ። አውቶቡሱ ሲቆም ተኝታ ከሆነ ቀስ ብለሽ ቀስቅሺያት። ስትወርድ «ቦርሳሽን አደራ እጠብቃለሁ» በያት። ራሷ ትከሻሽ ላይ ቢወድቅ አትግፊያት። ይሄን ሁሉ ያደረገች ሴት ቃል ባትናገርም ጥሩ የመንገድ ጓደኛ ትባላለች። አንቺ ደግሞ ያልተወራው ወሬ ሲያንቀጠቅጥሽ ከኋላሽ ያሉትን እናቶች ዞር ብለሽ እያቸው፤ ሁልጊዜ አንዲት የምትጫወት አትጠፋም። ቁርስ ላይ እሷን ያዢ።

ሰንዳፋ ላይ ሰው ስልክ ማውጣት ይጀምራል። «ደርሻለሁ፣ ውጡ» ይላል። አዲስ ወሬ አትጀምሪ። ስልክ ቁጥር መለዋወጥ ካማረሽ የእሷን አትጠይቂ፤ «ስጪኝ» ስትባል እምቢ ማለት ይከብዳታል። ይልቅ የራስሽን ስጫት። «ደሴ ፒያሳ ልብስ ስታምርሽ ደውዪልኝ» በያትና በወረቀት ላይ ጻፊላት። ከፈለገች ትደውላለች።